ቆርጬ ተነሳሁ፦ ለአዲስ ፀጉርና ለአዲስ መነጽር የሚሆን ካፕሽን እንዴት ይጻፋል?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ድሬ በሙቀት የተኛችበት ሰዓት። ስልኬ ጮኸ፤ ጓደኛዬ ፎቶ ልካለች። እስከ ጀርባዋ መሐል ይወርድ የነበረው ፀጉሯ የለም። ከጆሮዋ በታች ብቻ ቀርቷል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «አቦ ካፕሽን አጣሁ! መቁረጡ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፣ የሚጻፈውን ስፈልግ ሁለት ሰዓት ሆነኝ።»

እኔም አንድ ሰዓት ጨመርኩበት። በመጨረሻ የወጣው ካፕሽን ሁለት ቃል ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ። መንገዱ ለሹሩባም፣ ለፌድም፣ ለመነጽርም ይሠራል።

መጀመሪያ ፎቶውን አንብቡት

ካፕሽን ከመጻፋችሁ በፊት ፎቶው ራሱ ምን እንደተናገረ እዩ። ፀጉሩ አጭር መሆኑን ፎቶው ተናግሯል። አዲስ መሆኑን የሚያውቋችሁ ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ብሎ መጻፍ ሰው ያየውን መልሶ መንገር ነው። «አዲስ መነጽር» ማለትም እንደዚያው።

ይልቅ ፎቶው ያልተናገረው ነገር ካለ እሱን ፈልጉ። አንዳንዴ ፎቶው የሚናገረው እናንተ ያላሰባችሁትን ነው። አገራችን ፀጉር መላጨት የሐዘን ምልክት የሆነበት አገር ነው። አንዲት ሴት ድንገት ፀጉሯን ድምጥማጡን አጥፍታ፣ ኮስተር ብላ፣ ያለ አንድ ቃል ፎቶ ብትለጥፍ፣ ገጠር ያለችው አክስቷ «ማን ሞተ?» ብላ ትደውላለች። ወንድ ከሆነና ሙሉ በሙሉ ከተላጨ ደግሞ፣ እኛ ሰፈር «ኡምራ ሄደህ ነበር እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ላለ ፎቶ የካፕሽኑ የመጀመሪያ ሥራ «ደህና ነኝ፣ ወድጄ ነው» ማለት ነው። በዚህ ቃል አይደለም እንጂ። ቀልድ ከተጻፈበት ሐዘን አለመሆኑን ማንም ይረዳል።

ካፕሽን የማያድነው ፎቶም አለ። መነጽር ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ይደርሳል። መስታወቱ ላይ የመስኮት ወይም የስልክ ብርሃን ነጭ ሆኖ ካረፈ ዓይናችሁ አይታይም። ዓይን የሌለበት የመነጽር ፎቶ ደግሞ የፍሬም ማስታወቂያ ነው። አገጫችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ፊታችሁን ከመስኮቱ ትንሽ ዞር አድርጉ፤ ነጸብራቁ ይሸሻል። ፀሐይ ሲነካው የሚጠቁር ሌንስ ከሆነ ደግሞ ውጭ ላይ የፀሐይ መነጽር ይመስላል። ጥላ ገብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት። በነገራችን ላይ ይህ ሌንስ ሙቀት አይወድም፤ በጣም ሲሞቅ የመጥቆር አቅሙ ይቀንሳል። ድሬ ላይ የገዛ ሰው «ሐረር ላይ ይበልጥ ይጠቁራል» ቢላችሁ አትሳቁበት።

ድሬ ላይ ከዚራ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። ዛፎቹ ከዳር እስከ ዳር ጥላ ስለሚጥሉ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀለም የተቀቡት የመንገዶቹ ግድግዳዎች በጣም ስለሚያምሩ ሰው ፀጉራችሁን ትቶ ግድግዳውን ያያል። «ይህ የት ነው?» የሚል ኮሜንት ከበዛ ፀጉሩ ተሸንፏል ማለት ነው።

ረቂቁን ግፈፉት

ጓደኛዬ መጀመሪያ የላከችልኝ ረቂቅ ይህ ነበር፦

«አዲስ ፀጉር፣ አዲስ እኔ። ሕይወት አጭር ናት፣ ለውጥ ያስፈልጋል። ድሬ ደግሞ በጣም ሞቃለች። እንዴት ነው? ያምራል ወይስ አያምርም? ትንሽ አጠረ መሰለኝ። ሐሳባችሁን ስጡኝ።»

ከሥሩ ሰባት ኢሞጂ። ሁለቱ መቀስ ናቸው።

ከላይ ጀምረን ገፈፍነው። «አዲስ ፀጉር፣ አዲስ እኔ» የፈረንጅ አባባል ነው፤ ልብሱን ቀይሮ ነው የመጣው። አማርኛው ምንም አያጫውትም፤ ስለዚህ ወጣ። «ሕይወት አጭር ናት» ከፀጉሩ ጋር ዝምድና የለውም። የልደት ኬክ ላይም፣ የጫማ ፎቶ ላይም ይሄዳል። ወጣ። ሙቀቱ እውነት ነው፤ ግን ድሬ መሞቋን ለድሬ ሰው መንገር ምን ይባላል? ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው ችግር። «እንዴት ነው? ያምራል ወይስ አያምርም?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ፀጉሩን የመረቀው ሰው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የጠየቃችሁት ሰው ደግሞ መልስ ይሰጣል። «የድሮው ይሻል ነበር» ቢል ምን ትሉታላችሁ? እናንተው ናችሁ የጋበዛችሁት። «ትንሽ አጠረ መሰለኝ» ደግሞ የባሰ ነው። ማንም ያላየውን ጉድለት በጣታችሁ ታሳያላችሁ።

አማርኛ ላይ በራስ መተማመን ያለው ግሱ ላይ ነው። «ቆረጥኩ» ያለቀ ነገር ነው። «ቆረጥኩ መሰለኝ»፣ «ብቆርጠውስ ብዬ»፣ «እስቲ ልሞክረው ብዬ ነው» የሚሉት ግን በር ገርበብ አድርገው ይተዋሉ። ካፕሽን ስትጽፉ ግሱ ባለቀ ነገር ላይ ይቁም። «መሰለኝ»ን ጣሉት። ካስፈለገ በኋላ ኮሜንት ላይ ይመለሳል።

ሁሉንም ገፈን ስንጨርስ እጃችን ላይ የቀረው «ቆረጥኩት» ብቻ ሆነ። እውነት ነው፣ ያለቀ ነው፣ አጭር ነው። ግን ፎቶው ያለውን ነው የሚለው። አንድ ነገር ጎድሎታል።

ግሱን ከወንበሩ ላይ ልቀሙ

የጎደለው ሁለተኛ ፍች ነበር። የእኛ ቋንቋ ከማንም በላይ የሚወደው ጨዋታ ደግሞ ይህ ነው፤ ሰምና ወርቅ። ቅኔ ላይ ሰሙ ከላይ የሚታየው ነው፣ ወርቁ ከሥር የተደበቀው። ሰልፊ ላይ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ ሰሙን ፎቶው ይዞላችኋል። ፀጉሩ እዚያው አለ። እናንተ የምትፈልጉት ለፀጉሩም የሚሆን፣ ለሌላ ነገርም የሚሆን አንድ ግስ ነው።

ያንን ግስ የትም አትፈልጉት። ፀጉር ቤት ውስጥ ሲነገር የዋለውን አስታውሱ። ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቆረጠ፣ ፈታ፣ ሠራ፣ ጎነጎነ፣ አበጠረ፣ አስተካከለ። አሁን እያንዳንዱን ከፀጉር ቤት አውጥታችሁ መንገድ ላይ አቁሙት። ከፀጉር ውጭ ምን ይሠራል?

«አስተካከለ» ለወንዶች ቀላሉ ነው። ፀጉር አስተካካይ ጋ የሄደ ሰው «ተስተካከልኩ» ይላል። እናት ደግሞ ልጇን «ኧረ ተስተካከል!» ትለዋለች። ፌድ የተቆረጠ ልጅ ከፎቶው ሥር «እናቴ እንዳለችው ተስተካከልኩ።» ብሎ ቢጽፍ፣ እናቱም ትስቃለች፣ ጓደኞቹም ያበሽቁታል።

ሹሩባ የተሠራች ሴት ሁለት ምርጫ አላት። «ተሠራሁ» አንዱ ነው። በአራዳ ቋንቋ ተሠራ ማለት ተሸወደ ማለት ነው። «ዛሬ ተሠራሁ። በደንብ ነው የተሠራሁት።» ሌላው «ጎነጎነ» ነው። የሚጎነጎነው ፀጉር ነው፣ ሴራም ይጎነጎናል። «አራት ሰዓት ሙሉ ሲጎነጎንብኝ ዋለ።» ይህን የጻፈች ሴት ፎቶዋ ላይ ኮስተር ካለች ነው የሚያምረው። ፊቷ እየሳቀ ከሆነ ቀልዱ ቀድሞ ያመልጣል።

ፀጉሩን ወደ ግራ ከፍሎ ማበጠር ለጀመረ ደግሞ «ግራ የገባው ፀጉሬ ብቻ ነው።» የሚል አለኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እወደዋለሁ፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የስልኩ የፊት ካሜራ ፎቶ ስታነሱ እንደ መስታወት ያሳያችኋል፤ ግራችሁ በስክሪኑ ግራ ነው። አንዳንድ ስልክ ፎቶውን ሲያስቀምጥ ይገለብጠዋል። ያኔ መከፈያው መስመር በተመልካቹ ቀኝ ላይ ይሄዳል፣ ካፕሽኑም ግራ ያጋባል። አይፎን ላይ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ Mirror Front Camera የሚለውን ብታበሩት እንዳያችሁት ይቀመጣል። ሸሚዛችሁ ላይ ጽሑፍ ካለ ግን እሱም እንደተገለበጠ ይቀራል፤ ልብሱን ቀይሩ።

ወደ ጓደኛዬ እንመለስ። ግሷ «ቆረጠ» ነው። ቆረጠ ከፀጉር ውጭ ምን ይሠራል? ሥጋ ይቆርጣል፣ ቲኬት ይቆርጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል። ተስፋውን ጣልነው። «ቁርጥ እናቴን» የሚል መጣ፤ እናቷም ወጣት ሳለች አጭር ፀጉር ነበራት። ጥሩ ነበር። ግን ለሱ የእናቷ የድሮ ፎቶ ከጎኑ መኖር አለበት። አለበለዚያ ሰሙ የለም። አልበሙ ደግሞ ያለው ሐረር፣ እናቷ ቤት ነው። ይቆይ አልን።

ከዚያ እሷ ራሷ ሳታስበው ተናገረችው። «ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስፈራ ቆየሁ፣ ከዚያ በቃ ቆርጬ ተነሳሁ» አለች። ሁለታችንም ዝም አልን። ቆርጦ መነሳት ማለት ወስኖ መነሳት ነው። እሷ ደግሞ በእርግጥም ቆርጣ፣ በእርግጥም ከወንበሩ ተነስታለች። ሁለቱም ቃል ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

«ቆርጬ ተነሳሁ።»

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ማብራሪያ በመጨመር ነው። እሷም ፈተናት፤ ከኋላው መቀስ ኢሞጂ አስገባች። አስወጣሁት። መቀሱ ሰሙን ደግሞ ይናገራል፤ ሰሙን ግን ፎቶው ተናግሯል። አንባቢው ወርቁን በራሱ ሲያገኝ ነው የሚስቀው። መቀስ ካሳያችሁት ፈልጎ አላገኘም፣ ተነገረው እንጂ። ኢሞጂ ግዴታ ከሆነ ከፀጉር ጋር የማይገናኝ አንድ ይበቃል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስተኛ ፍች ፈልጉ

ይህን ደረጃ የተማርኩት ራሴው ስህተት ሠርቼ ነው። አንዲት ባለትዳር ዘመዴ ለሁለት ወር የቆየ ሹሩባዋን ፈታች። ፀጉሯ ተዘርግቶ፣ ፊቷ በርቶ፣ በጣም ያምራል። ካፕሽን ስጠኝ አለችኝ። እኔም በኩራት «በመጨረሻ ፈታሁት።» ብዬ ላክሁላት።

ለጠፈችው። ገና ሻይዋን ሳትጨርስ የባሏ እህት ደወለች። ከዚያ አጎቷ። ከዚያ ሰባት ዓመት ያልተነጋገረቻት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ «አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺ ነኝ» የሚል መልእክት ላከች። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። እሱም ከሰው ሰማ።

ጥፋቱ አንዲት ፊደል ናት። «ት»። «ፈታሁት» ሲባል የሚፈታው ወንድ ነገር ነው፤ ፀጉርም ወንድ ነው፣ ባልም ወንድ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ደግሞ ነገሩን አባሰው። አሁን ብሆን «ፈታ።» ብቻ ነው የምጽፈው። ፀጉሩም ተፈታ፣ እሷም ፈታ አለች። ባልየው ሰላም ያድራል።

ስለዚህ ሁለት ፍች ያለው ካፕሽን ስታገኙ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስተኛ ፍች ፈልጉ። በእኔ ልማድ ሦስት ሰው አስባለሁ፤ አክስቴን፣ አለቃዬንና ቀልድ የማይገባውን ጎረቤቴን። ሦስቱም ሲያነቡት ማንም የማይደነግጥ ከሆነ ይሄዳል። «ተተኮስኩ» ለምሳሌ ፀጉር ቤት ውስጥ የታወቀ ቃል ነው፤ ሩቅ ያለ ወንድም ስልኩ ላይ ድንገት ሲያየው ግን አያስቅም። ይህን ግስ ሙሉ በሙሉ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ይህ ጨዋታ የዓይን ጨዋታ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም «ገና አልደረሰም» የሚለውም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው፤ የምንለያቸው ስናነብ ነው። «ፈታ»ም እንደዚያ ነው። ፀጉር ሲፈታ ይጠብቃል፣ ሰው ፈታ ሲል ይላላል። ወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ቪዲዮ ሠርታችሁ በድምፅ ካላችሁት ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ቀልዱም እዚያው ያልቃል። ለድምፅ «ቆርጬ ተነሳሁ» ይሻላል፤ በሁለቱም ፍች አንድ ዓይነት ነው የሚነበበው።

ሌላም ወሰን አለው። ድሬ ላይ ግማሽ ጓደኛችሁ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ነው የሚቀናው። እነሱ ጋ የአማርኛው ወርቅ አይደርስም። መተርጎሚያውን የሚጫን ሰው «ቆርጬ ተነሳሁ»ን ምን ሆኖ እንደሚያገኘው አላህ ይወቀው። ለነሱ ፎቶው ብቻውን መቆም አለበት። ለዚህ ነው ከፎቶው የጀመርነው።

ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ስልኩ ደግሞ መጨረሻውን ይቆርጣል

ስለ ርዝመት ብዙ አልልም። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ምልክት ያስጽፋል፣ ቴሌግራም ለፎቶ 1,024 ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ቦታ ስላለ መሙላት ግዴታ አይደለም። ኢንስታግራም ላይ ሰው ሲያልፍ የሚያየው የመጀመሪያውን አንድ ሁለት መስመር ነው፤ ቀሪው ይታጠፋል። እንግሊዝኛ ቢሆን ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ግሱ መሐል ላይ ይመጣል። የእኛ ግስ ግን መጨረሻ ላይ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ግሱን ስልኩ ካጠፈባችሁ፣ ሰው ያነበበው ያለ ግስ የቀረ ጅራት የሌለው ነገር ነው። ቀልዱ ደግሞ ግሱ ላይ ነበር።

ስለዚህ ቀልዱ ያለበት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይምጣ፣ አጭር ይሁን፣ በአራት ነጥብ ይዘጋ። ሌላ የምትሉት ካለ፣ የፀጉር ሠሪዋን ማመስገን ለምሳሌ፣ ከሥር መስመር ዘላችሁ ጻፉት። አራት ነጥቡን በሁለት ኮሎን አትተኩት።  አምስት ቃለ አጋኖም አያስፈልግም። ነጥቡ ብቻውን ሲቆም ነው ቆፍጠን የሚለው።

«አቦ» የት ይግባ ላላችሁኝ፤ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ ብቻ። «አቦ ተስተካከልኩ።» አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችሁ ከየት እንደሆናችሁ ወዲያው ያስታውሳል። ሁለት ጊዜ ከገባ ግን የድሬ ሰው ሳይሆን የድሬን ሰው የሚያስመስል ኮሜዲያን ትመስላላችሁ።

መነጽር ሲሆን

የመነጽር ካፕሽን ከፀጉር ይለያል። ፀጉር የመረጣችሁት ነገር ነው። መነጽር ብዙ ጊዜ ሐኪም ያዘዘው ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲለጥፍ ይቅርታ መጠየቅ ይቃጣዋል። «ዓይኔ ደከመ መሰለኝ»፣ «አረጀሁ»፣ «መምህር መሰልኩ አይደል?» አትጀምሩት። የበሽታ ታሪክ ከጻፋችሁ ኮሜንቱ ሁሉ «ምሕረት ያውርድልሽ» ይሆናል። መልካም ምኞት ነው፤ ግን ፍሬሙን ማንም አላየም።

እዚህም ግሱን ከመነጽር ቤት ልቀሙ። ሰንጠረዡ ፊት ቆማችሁ ሌንስ ሲቀያየርላችሁ ምን አላችሁ? «አሁን ታየኝ» ነው ያላችሁት። ታየኝ ማለት ደግሞ ገባኝ ማለትም ነው። «አሁን ገና ታየኝ።» ብላችሁ ብትለጥፉ ጓደኞቻችሁ «ምኑ?» ብለው ይጠይቃሉ። አትመልሱላቸው። የቀድሞ ፍቅረኛ ካላችሁ ግን የሦስተኛውን ፍች ፈተና አትርሱ፤ ለሱ የተጻፈ ይመስለዋል። ምናልባት ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን መነጽር ያደረገ ልጅ «አራት ዓይን» ተብሎ ይበሸቅ ነበር። በእኛ ቤተ ክህነት ግን «አራት ዓይና» ትልቅ ማዕረግ ነው። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱንም ጉባኤ ጠንቅቆ ያወቀ መምህር ነው አራት ዓይና የሚባለው። በአንዲት «አ» ድምፅ ስድቡ ማዕረግ ይሆናል። ከዚህ በላይ የተመቸ ነገር የት ይገኛል?

ግን እንዲሁ «አራት ዓይና።» ብሎ መጻፍ ጉራ ነው። ሊቃውንቱ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን እናንተ በአንድ ከሰዓት ወሰዳችሁት። ስለዚህ ክብሩን ለባለቤቱ የሚመልስ ግማሽ መስመር ጨምሩ፦ «አራት ዓይና ሆንኩ። ያስመረቀኝ መነጽር ቤት ነው።» አሁን የሚሳቅበት ጉባኤው አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። ሆኖም ራሳችሁን አላሳነሳችሁም። ቃሉን የማያውቅ ጓደኛ ቢኖር ትምህርት ቤት የነበረውን ማብሸቂያ ያስታውሳል፤ በሱም በኩል ቢሆን ይሠራል። በሁለቱም በር የሚገባ ካፕሽን ብዙ አይገኝም።

ኮሜንቱ ሲመጣ

ካፕሽኑ ተለጥፎ አላለቀም። ጓደኛዬ «ቆርጬ ተነሳሁ»ን ስትለጥፍ የመጀመሪያው ኮሜንት ከአንድ የሰፈር ልጅ ነበር፦ «ወዴት ነው የተነሳሽው?» ቀልዱን ይዞታል፣ መልሶ ወርውሮላታል። እንዲህ ሲሆን ጨዋታውን አታብራሩት፤ ኳሱን መልሱት። እሷ «ወደ መስታወት» አለችው። በቃ።

ከባዱ ኮሜንት የሚመጣው ከዘመድ ነው። የሐረሯ አክስቷ «ኧረ ምነው ልጄ! ያንን የመሰለ ፀጉር!» ብላ ጻፈች። ከአክስት ጋር ክርክር አይገባም። ይቅርታም አይጠየቅም፤ ከተጠየቀ ካፕሽኑ ላይ ተነስቶ የነበረው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ ማለት ነው። የሚሻለው ቁጥር ነው። ፀጉር በወር በግምት አንድ ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የተቆረጠውን ፀጉር ሠሪዋ ለክታላት ነበር፤ ሠላሳ ሴንቲ። ስለዚህ እንዲህ መለሰችላት፦

«አክስቴ፣ በወር አንድ ሴንቲ ነው የሚያድገው። ሁለት ዓመት ተኩል ታገሺኝ።»

አክስትየዋ ትንሽ ቆይታ ጻፈች፦ «እስከዚያ ሻሽ እልክልሻለሁ።»